ሐሙስ ማታ፣ ሐይቁ ፊት ለፊት

አዳማ ላይ ቡና ተፈልቶ ሦስት ሰዎች ተከራከሩ። እሑድ ሠርግ፣ ሰኞ መልስ ያለባቸው ሙሽሮች 40,000 ብር ይዘው ማክሰኞ ለጫጉላ ሐዋሳ ይወርዳሉ፤ የሚመለሱት ቅዳሜ ነው። አራት ሌሊት መሆኑ ነው፤ ክርክሩ የቱን ሌሊት የት ይደሩ የሚል ነው።

ጎልማሳው፣ "ጫጉላ አንዴ ነው! አራቱንም ሌሊት ሐይቁ ዳር ሪዞርት ይደሩ" አለ።

ሪሴፕሽን የምትሠራዋ አልተስማማችም። "ጋሼ፣ 10,000 የተባለ ክፍል እኮ በ10,000 አይገኝም። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 12,650 ይመጣል። ሦስት ሌሊት ካደሩ ኪሳቸው ባዶ ነው።"

"እንግዲያው የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ።"

"ማክሰኞማ የሠርጉን ድካም ይዘው ነው የሚገቡት። ለእንቅልፍ ብቻ ያን ያህል ይከፈላል?"

ወጣቱ የመጨረሻዋ ሌሊት ትሁን አለ። እሷ ግን ቅዳሜ በማለዳ መኪና ለመያዝ የሚሯሯጥ ሰው የከፈለበትን ቁርስ እንኳ በወጉ አይበላም ብላ ሐሙስን መረጠች። ሦስቱን ሌሊት ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ንጹሕ ፔንሲዮን አንዱን ሌሊት በ3,000 ብር ይይዛሉ፤ ሐሙስ ሪዞርት አድረው ዓርብ ወደዚያው ይመለሳሉ።

"ሻንጣ ሲጎትቱ ሊከርሙ?" አለ ጎልማሳው። ትልቁ ሻንጣ ፔንሲዮኑ ዘንድ በአደራ ይቀመጣል፤ የሚይዙት የአንድ ሌሊት ልብስ ብቻ ነው አለችው።

እኔም የምፈርደው ለእሷ ነው። አልጋው ሁሉ 21,650 ብር ይፈጃል፤ ለምግብ፣ ለመኪናና ለጀልባ 18,350 ይተርፋል። ዓርብና ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ስለሚበዛ ሐሙስ ዋጋ መከራከርም ይቀላል። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው በውኃው ላይ ነው። የዚያች ሌሊት ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው። "ሐይቅ ያያል" የተባለ የምድር ቤት ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያየው ዛፍ ነው። ቀብድ ከመላክ በፊት የፎቁን ቁጥር ይጠይቁ፣ ከራሱ ከክፍሉ በረንዳ የተነሣ ፎቶ ያስልኩ፣ ዋጋው ቫትና የሁለት ሰው ቁርስ ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። ክፍሉን የሚረከቡት 8 ሰዓት ከሆነ ልክ 8 ሰዓት ይግቡ፤ 12 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ሻንጣ ሲያስገባ ፀሐይዋ ታመልጠዋለች።

ረቡዕ ለእረፍት ይሁን፤ አርፍዶ መነሣት፣ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ መብላት ይበቃል። ጀልባውን ለዓርብ ጠዋት ይተዉት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውን በሰው ሳይሆን ለሙሉ ጀልባ በሰዓት ይነጋገሩ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱም አይሳፈሩ።