«ይህ» ለተባለው ታላቅ ቃል የቀረበ ምስጋና

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። መብራት አጥፍቻለሁ። ስልኬ ቻርጅ ላይ ነው። ልተኛ ስል ለመጨረሻ ጊዜ ከፈት አደረግኩትና እንዲህ የሚል ርዕስ ዓይኔ ላይ ተደነቀረ፦

«ማታ ስልካችሁ ላይ ይህን እያደረጋችሁ የምትተኙ ሁሉ ጉዳችሁ ፈላ! ቁጥር 3ን ፈጽሞ አታምኑም!»

ማታ ነው። ስልክ ይዣለሁ። ልተኛ ነው። ከዚህ በላይ ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ከየት ይመጣል? ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ለዚህ ርዕስ ጸሐፊ ምስጋና ሳላቀርብ ባልፍ ነውር ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። በስም ባታውቁት በሥራው ታውቁታላችሁ። ሰበር የሌለበትን ቀን ሰበር የሚያደርግ፣ ትናንት የተዘጋን ነገር ዛሬ «ተጋለጠ» የሚል፣ ፎቶ ላይ ቀይ ክብ ካላዞረ እንቅልፍ የማይወስደው የጥበብ ሰው ነው። ከቃላት ሁሉ ግን እንደ «ይህ» የሚወደው የለም። ልክ ነው። «ይህ» ማለት አፉ የታሰረ ጆንያ ነው። ውስጡ ጤፍም ይሁን ገለባ ሳይፈቱት አይታወቅም። መፍቻው ደግሞ ክሊክ ነው።

እኔም ፈታሁ።

አንደኛው አንቀጽ ስልክ የዘመናችን ሕይወት አካል መሆኑን አበሰረኝ። ስልኬን ይዤ ስላነበብኩት አልካድኩም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1876 የስልክ ፈጠራ መብት እንዳስመዘገበ ተነገረኝ። እውነት ነው፣ አስመዝግቧል። ግን እሱ ማታ ምን አድርጎ እንደተኛ አልተጻፈም። ሦስተኛው እንቅልፍ ለሰው ልጅ እንደሚያስፈልግ አስረዳ። በዚያ ሰዓት ይህን የሚነግረኝ ሌላ ሰው ቢሆን አሽሙር ነው እል ነበር። አራተኛው «ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት» ብሎ ጀመረና ወደ ዋናው ጉዳይ ሳይገባ አለቀ። ከዚያ ማስታወቂያ። ከዚያ «ባለሙያዎች እንደሚሉት»። ባለሙያዎቹ ስም የላቸውም፣ የሚሠሩበት ቦታ የላቸውም፣ ግን ይላሉ።

ቁጥር 1፦ ስልክ ላይ አምሽታችሁ አትቆዩ። ቁጥር 2፦ ድምፁን ቀንሱ። ልቤ ድም ድም ሲል ቁጥር 3 ደረሰ፦ «ስልካችሁን ከትራስ ሥር አታድርጉ፣ ይሞቃል።»

አመንኩት። አታምኑም የተባልኩትን ያለ አንዳች ተቃውሞ፣ ወዲያውኑ አመንኩት።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ፣ ከሁለት ማስታወቂያ መካከል ተጣብቆ፣ እውነተኛ ጉዳይ ነበረ። ስልካችን ውስጥ ያለው የሊቲየም አዮን ባትሪ መቶ በመቶ ሞልቶ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ፣ በተለይ ደግሞ ሲሞቅ፣ ቶሎ ያረጃል። አይፈነዳም፣ ጉድም አይፈላም፤ የሚይዘው ኃይል ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ላይ ቻርጁ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲቆም የሚያደርግ ሴቲንግ አለ። እኔ አላውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ የማነበው ነገር ነበር። ጌታው ግን ያለውን ወርቅ ቀብሮ ገለባውን ለገበያ አወጣ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ላሟ ቢያንስ የለችም። እዚህ ላሟ በረት ውስጥ ታስራ እያለች ሰማይ ሰማይ ያሳየናል።

«ታዲያ ሁሉን ርዕስ ላይ ብናፈሰው ማን ይከፍተዋል?» ይላሉ የጥበቡ ባለቤቶች። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልስም አለው። እስቲ የኔኑ የሌሊት ርዕስ አብረን እንየው።

መጀመሪያ «ይህን» የምትለዋን አውጥተን በቦታዋ ነገሩን ራሱን እናስገባ። «ማታ ስልካችሁን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ የምትተኙ ሁሉ ጉዳችሁ ፈላ!» ገና ጆንያው ሲፈታ የቀረው ግማሽ ሲያፍር ታያላችሁ። ባትሪ ቀስ ብሎ ማርጀቱ «ጉድ» አይባልም። «ይህ» የሚደብቀው ነገሩን ብቻ አይደለም፤ ነገሩ የማይሸከመውን ግነትም አብሮ ይደብቃል። ለዚህ ነው ሁለቱ የማይለያዩት።

ቀጥለን ጽሑፉ ውስጥ ርዕሱን የሚመልሰውን ዓረፍተ ነገር እንፈልግ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈለገው፣ በጣት የሚነካ። የኛ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ አለ። ከተገኘ በኋላ ግሱን ማየት ነው። ጽሑፉ «ቶሎ ሊያረጅ ይችላል» ብሎ ርዕሱ «ይገድላል» ካለ፣ ርዕሱ ከጽሑፉ የበለጠ ያውቃል ማለት ነው። ርዕስ ከጽሑፉ የበለጠ ካወቀ ውሸታም ነው። ዓረፍተ ነገሩ ጭራሽ ካልተገኘስ? ያን ጊዜ የሚጠገነው ርዕሱ ሳይሆን ጽሑፉ ነው። ወሬ የሌለው ጽሑፍ በርዕስ አይድንም።

ከዚያ ወደ መጻፉ። አንዱ አማራጭ ሁሉን መንገር ነው፦ «ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ባትሪን ያስረጃል፤ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል»። ታማኝ ርዕስ ነው። አንባቢው ያየዋል፣ ያመሰግናል፣ ያልፋል። ለአጭር ዜና ይህ ይበቃል፣ ማለፉም መብቱ ነው። መክፈት ካስፈለገ ግን እንዲህ ይባላል፦ «ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ ስልክዎ 80 በመቶ ላይ ቻርጅ እንዲያቆም የሚያደርጉት እንዴት ነው?» ምን እንደማገኝ አውቄያለሁ። ለምን እንደሚጠቅመኝ አውቄያለሁ። የቀረኝ አካሄዱ ብቻ ነው፣ እሱም ውስጥ አለ። ምኑ ተነገረ፣ እንዴቱ ተያዘ። የኛ ሊቅ ግን ምኑን ደብቆ እንዴቱም የለውም።

ይህች ልዩነት ተራ የቃል ጨዋታ አይደለችም። ጆርጅ ሎዌንስታይን የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ጉጉት ሲጽፍ፣ ጉጉት የሚነሳው በምናውቀውና ልናውቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት ሲታየን ነው ብሎ ነበር። ክፍተት እንዲታየን ደግሞ መጀመሪያ የምናውቀው ነገር ያስፈልጋል። «80 በመቶ» ስትሉኝ አንድ ዳርቻ ሰጣችሁኝ፣ ወደ ማዶው ልሻገር እጓጓለሁ። «ይህን» ስትሉኝ ዳርቻ የለም። ያስከፈተኝ ድንጋጤ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይከፍታል እንጂ አያነብም።

ማኅበራዊ ሚዲያውም ይህን ከነቃበት ቆይቷል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ እንዳደረገው፣ ሰው ሊንኩን ከፍቶ ምን ያህል እንደቆየ መቁጠር ጀመረ። ከፍቶ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ የፈለገውን አላገኘም ማለት ነው። በዚያው ጊዜ እንደገለጸው፣ ሰዎች ሲጠየቁ ከ100 ጊዜ 80ውን የመረጡት ከመክፈታቸው በፊት ማንበብ አለማንበባቸውን ለመወሰን የሚረዳቸውን ርዕስ ነው። (80 የምትባል ቁጥር ዛሬ አልላቀቅ አለችኝ።) የኛ ጀግና ግን ይህ አያሳስበውም። እሱ የሚያየው ስንት ሰው እንደገባ ነው። በየት በኩል ሮጦ እንደወጣ የሚያሳየውን ግራፍ አይከፍትም። «ይህ ግራፍ የሚያሳየውን አታምኑም» ቢባል ኖሮ ይከፍተው ነበር።

የጥያቄ ምልክት ወዳጆቹንም ላመስግን። «ቡና ያሳብዳል?» ብለው ይጠይቁና ውስጥ ገብታችሁ ስትፈልጉ አያሳብድም። አልዋሹም፣ ጠየቁ እንጂ። ከላይ እኔም ርዕሴን በጥያቄ ጨርሻለሁ፤ ግን የኔ ጥያቄ መልሱ ውስጥ አለ፣ የነሱ መልሱ «አይ» ነው። «አይ» ከሆነ «ቡና አያሳብድም» ብሎ መጻፍ ነበር። እሱን ማን ይከፍታል!

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን መሳቅ አልቻልኩም።

እናቴ የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች። አንድ ቀን «ይህን የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ በአስቸኳይ ተጠንቀቁ!» የሚል ርዕስ ሰው ላከላት። አልከፈተችውም። ዓይኗ ይደክማል፣ ከርዕስ በታች ያሉት ፊደሎች ትናንሽ ናቸው። ክኒኑን ግን አቆመች። ሦስት ቀን። እኔ የሰማሁት ራሴን አሞኛል ብላ ስትደውል ነው። ጽሑፉን ከፍቼ አነበብኩት። ከገበያ እንዲሰበሰብ የተባለው መድኃኒት ስሙ ሌላ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም ሳይሆን የተወሰነ የምርት መለያ ቁጥር ያለው ብቻ ነው። ሌላው ቀርቶ ጽሑፉ ራሱ መጨረሻው ላይ «ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ» ይላል። መጨረሻው ላይ! የመድኃኒቱ ስምና የመለያ ቁጥሩ ርዕስ ላይ ቢጻፉ እናቴ የክኒኗን ፓኮ አገላብጣ አይታ፣ የኔ አይደለም ብላ፣ በውሃ ትውጠው ነበር። አንድ ስምና አንድ ቁጥር ናቸው። ይህን የጻፍክ ሰው፣ እሷ የከፈለችውን ስንት ቪው ገዛህበት? ደግሞ እኮ አልከፈተችውም። እሷን እንኳ አልቆጠርካትም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ያን ሌሊት ሴቲንጉን ፈልጌ አገኘሁት። ባትሪ የሚለው ውስጥ ገብቼ 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አደረግኩና ስልኩን ከትራሴ አርቄ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ልክ 80 ላይ ቆሟል። ኩራት ተሰማኝ። ከፈት ሳደርገው ከላይ አዲስ ርዕስ ተቀምጧል፦

«ባትሪያቸውን 80 በመቶ ላይ የሚያቆሙ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ!»

አያችሁ፣ ቁጥሯን አስገብቷታል። ተምሯል ማለት ነው።

ከፈትኩት። ቤል አሁንም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው።