ለአንዲት ጥለት ሦስት ሌሊት

ዛሬ ላማርር ነው የመጣሁት። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ የአንዲት ቀሚስ ጥለት ነው። ያውም በእውን የሌለች ሴት የለበሰችው።

ሥራው የበዓል ፖስተር ነበር። ደንበኛዬ የባህል ልብስ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ናቸው። በጽሑፍ ሲነግሩት ሥዕል በሚሠራው ኤአይ፣ በስቴብል ዲፊውዥን፣ ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሠራሁላቸው፣ ከራስ እስከ እግር። ፊቷ ጥሩ ወጣ። የደረቷ ጥለት ግን የታኘከ ማስቲካ መሰለ።

ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ሥዕሉ 832 በ1216 ነው፤ ጥለቱ ከዚያ ውስጥ የደረሰው ወርድ 64 ፒክስል ገደማ ነው። ሞዴሉ ደግሞ 8 በ8 ፒክስሉን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚሠራው። ያን ሁሉ መስቀልና ሐረግ በ8 ነጥብ ወርድ ሳል ተብሏል ማለት ነው። ምን ያድርግ?

መላው የታወቀ ነው፤ የሥዕሉን አንድ ክፍል ብቻ እንደገና የሚያስለው ኢንፔይንት ላይ ገብቶ `Only masked` መምረጥ። ደረቷን በማስክ ቀባሁ። ፕሮግራሙ 256 በ256 የሆነውን ቦታ ቆርጦ ወደ 1024 በ1024 ይለጥጠዋል፣ እንደገና ይስለዋል፣ ቦታው ላይ መልሶ ይለጥፈዋል። እየሳለ ሳየው ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል! ሲጨርስ ግን ያው ማስቲካ።

ጥፋቱን `Denoising strength` ላይ ጣልኩ፤ የነበረውን ምን ያህል እንዲለውጥ የሚወስነው ቁጥር ነው። 0.2 ሳደርገው ምንም አልተለወጠም። 0.7 ሳደርገው ደረቷ ላይ ሌላ ትንሽዬ ሴት ቆማ አገኘኋት። የእኔው ጥፋት ነው፤ ሳል ብዬ የጻፍኩለት ፕሮምፕት አሁንም «ቆማ ያለች ሴት» ይላል፣ ተቆርጦ የቀረበለት ደግሞ ጨርቅ ብቻ። ስለ ጨርቁ ብቻ ጻፍኩ። አንገቷና መቀነቷም እንዲታየው `Only masked padding` ጨመርኩ። ሴትዮዋ ሄደች፣ ማስቲካው አልሄደም።

በሦስተኛው ሌሊት ገባኝ። በ1024 የተሣለው ሲለጠፍ ተመልሶ ወደ 256 ይጨመቃል! ቦታው ያው ጠባብ ነዋ። ትልቅ ጋቢ አሠርቶ በኪስ ማጨቅ በሉት። ታዲያ መጀመሪያ ሙሉውን ሥዕል ሦስት እጥፍ አሳደግኩት፣ 2496 በ3648። ያው ቦታ አሁን 768 ሆነ። ከ1024 ወደ 768 ሲወርድ የሚጠፋው ትንሽ ነው። በ0.4 ሣልኩት፣ ጠራ።

አሁንም አልጨረስኩም። ማስኩን ጥለቱ መሀል ላይ ስላቆምኩት አዲሱና አሮጌው መስመር አልገጠሙም፤ ልክ ተቀዶ የተጣፈ። ድንበሩን ላይ ወደ አንገቷ፣ ታች ወደ መቀነቷ ወሰድኩት። ጨርቁ እዚያ በራሱ ስለሚያልቅ መጋጠሚያው አይታይም።

ጠዋት ለጋሼ ላክሁ። ለካ የሸማኔ ልጅ ናቸው። በስልኩ እያጎሉ አዩትና ደወሉ።

«ልጄ፣ ጥራቱስ ጠርቷል። ግን ይሄ ጥልፍ ነው እንጂ ጥለት አይደለም።»