የአዲስ አበባን ዕድሜ ሳያቅማሙ ለሚናገሩ ሁሉ፣ ከአድናቂያችሁ

እኔ እግዜር ያልሰጠኝ አንድ ችሎታ አለ። ጊዮርጊስ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1886 ነው» ብሎ ዘግቶ ወደ ኳስ ወሬው የሚመለስ ሰው ችሎታ። በማን አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም። ምኗ እንደተቆረቆረም አይጨንቀውም። አጠገቡ ያለው ደግሞ «ኧረ በ1879 ነው!» ብሎ ይነሳበታል። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። የሚያወሩት ስለ አንድ ወር ነው፤ አንዱ በአውሮፓ፣ አንዱ በኛ አቆጣጠር። ግን ይህን ነግሮ ጨዋታ የሚያበላሽ ማነው?

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ካፌ ውስጥ አይደለም፣ መሥሪያ ቤት።

አለቃችን ግንቦት ላይ ጠሩኝና «የከተማችንን ልደት እናከብራለን፤ ባነሩን አንተ አሠራ» አሉኝ። ልደቷ ኅዳር ላይ አይደለም ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ኅዳር ደግሞ ከሰኔ በኋላ ነው የሚመጣው። የአለቃችን የታሪክ ዕውቀት ከዚህ ስለሚነሳ ጠንካራ መሠረት አለው።

ባነሩ ላይ ዕድሜዋን መጻፍ ነበረብኝ። ባልደረቦቼን ጠየቅኩ። አንዱ ስልኩን አወጣና ከ2026 ላይ 1886ን ቀነሰ፦ 140። ሌላው ከ2026 ላይ 1879ን ቀነሰ፦ 147። የአውሮፓን ዓመት ከኛ ዓመት ጋር አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ የሚያማስል ሰው ድፍረቱ ሊደነቅ ይገባል። ከተማዋ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት አረጀች። ሦስተኛዋ 1887 የሚል የሆነ ቦታ አንብባ ኖሮ ከ2026 ቀንሳ 139 አመጣች።

ትክክለኛው የሦስተኛዋ ነው። መንገዷ ግን የተሳሳተ ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው ቀን ኅዳር 14 ቀን 1879 ዓ.ም. ነው። በኛ በኩል 2018 ሲቀነስ 1879፣ 139 ይሆናል። ዓመታችንን ወደ አውሮፓ ስንወስድ ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7 እንደምራለን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ኅዳር ከመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ 1879 ሲደመር 7፣ 1886። የ140ው ሰውዬ እስከዚህ ድረስ ልክ ነበር። የረሳው ኅዳር ገና አለመድረሱን ነው። የአውሮፓው 2026 በታኅሣሥ ገብቷል፤ ልደቷ ግን አልመጣም። 1887 የሚሉት መጻሕፍት ደግሞ ወሩን ሳያዩ «1879» የሚለውን ብቻ አግኝተው 8 የደመሩ ይመስሉኛል። የኛ አንድ ዓመት የአውሮፓን ሁለት ዓመት ይረግጣል፤ ወሩ ከጠፋ የቱን መያዝ እንዳለብህ ዕጣ ማውጣት ነው።

ቀኑም ቢሆን ሰላም የለውም። ዛሬ ኅዳር 14 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ኖቬምበር 23 ነው። የዚያን ዓመቱ ግን ኖቬምበር 22 ነበር። አውሮፓውያን በ1900 የሠግር ቀናቸውን ዘለሉ፤ እኛ አልዘለልንም፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተራራቅን። የውጭ መጻሕፍት ዓድዋን ማርች 1 እያሉ እኛ የካቲት 23ን ማርች 2 የምናከብረው በዚሁ ምክንያት ነው። የስልክ ላይ መቀየሪያ ይህን ካላሰበ፣ አንድ ቀን ስቶ በሙሉ ልብ ይመልስልሃል። ከኛ ሰው ተምሮ መሆን አለበት።

እስኪ ቀኑን ተስማማን እንበል። ያን ቀን ምን ሆነ?

ታሪኩን የምናገኘው ከምኒልክ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ከጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነው። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ነው። ከላይ ብርድ፣ ከታች ፍልውሃ። ጣይቱ (ያኔ ገና «እቴጌ» አልተባሉም) ወርደው አገሩን ወደዱት፤ ቤት ተሠራ፤ «አዲስ አበባ» ብለው ስም አወጡ። ምኒልክ በዚያው ዓመት ሐረር ዘመቱ። ይኸው ነው። አዋጅ የለም፣ የመሠረት ድንጋይ የለም፣ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን የለም። ሪባን ባለመቆረጡ ዛሬ ስንት ሰው እንደሚቸገር ማን ያስብ ነበር።

ዋና ከተማም አልሆነችም። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። የት? እንጦጦ ማርያም! ከተማዋ «ከተቆረቆረች» ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ትልቁ ሥርዓት ተራራው ላይ ተፈጸመ። ስለዚህ አንዱ ጸሐፊ ስሙ የወጣበትን፣ ሌላው ቤተ መንግሥቱ ጠቅልሎ የወረደበትን ዓመት ይይዛል። ሁለቱም «ተቆረቆረች» ይላሉ። ይህ ግስ ስንቱን ተሸከመ! ዋጋው የማይጨምር ብቸኛ ታክሲ ነው።

ሥፍራው ደግሞ ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ ኦሮሞዎች ይኖሩበት፣ ከብት ያረቡበት ነበር። ለነሱ 1879 የመጀመሪያ ዓመት አይደለም። ከዚያም ወደ ኋላ የሚሄድ አለ፦ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ ውስጥ በተሣለ የፍራ ማውሮ ካርታ ላይ «ባራራ» የሚባል የነገሥታት ከተማ አለ፤ በዚሁ አካባቢ ነበር የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ትክክለኛ ቦታው ግን ያከራክራል። ካፌ ውስጥ አያከራክርም፤ እዚያ ተፈቷል።

ታዲያ 1879 ለምን አሸነፈ? ስለተከበረ ነዋ። በኅዳር 1979 መቶኛ ዓመቷ ተከበረ፤ ምሁራን ተሰብስበው ጉባኤ አደረጉ። በ2004 ደግሞ 125ኛው መጣ። አንዴ መቶኛው ከተከበረ፣ የሚቀጥለው የሚቆጠረው ከኬኩ ነው፤ ዜና መዋዕሉን የሚገልጥ የለም።

ይህን ሁሉ ለአለቃችን አስረዳሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝ። «139 ነው አልክ?»

«አዎ ጋሼ። ለዚያውም ከስም አወጣጡ ከተቆጠረ።»

«140 አያምርም?»

ስለማማር ከሆነ መልስ አልነበረኝም። ግን ጸናሁ፤ ባነሩ በ139 ታተመ። በበዓሉ ዋዜማ ኬክ ላመጣ ፒያሳ ሄድኩ። ሻጯ የቁጥር ሻማዎቹን ስትፈልግ ቆየችና ቀና አለች።

«9 አልቋል። 0 ላድርግልህ? 140 ይሆናል።»

«6 የለም? ገልብጠን እናቆመዋለን።»

«አለ፤ ግን ሰማያዊ ነው። ሌሎቹ ወርቃማ ናቸው።»

አለቃችን ጋ ደወልኩ። ሳልጨርስ ሳቃቸው ተሰማኝ።