«ይለመዳል» አትበሉን፣ ፒዲ ለኩልን

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስበግን ከርሜ ነው ዛሬ የምጽፈው። ረጅም ነው። መነጽር የምታደርጉ፣ ወይ ለልጃችሁ ልታሠሩ ያሰባችሁ ሰዎች ግን በናታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ናት። የድሮ መነጽሯ ተሰበረና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኳት። እዚያ ጥሩ አድርገው ነው ያዩዋት። ቁጥሯ ጨምሮ ሁለቱም ዓይኗ ማይነስ 5 ሆኗል፤ ሲሊንደር የሚባለው፣ ለተዛባ የዓይን ቅርጽ የሚታዘዘው ቁጥር የላትም። ማዘዣውን ይዘን ደሴ ውስጥ አንድ መነጽር ቤት ገባን። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ሱቅ ጋር አይደለም፣ ሳይለኩ መነጽር ከመሥራት አሠራር ጋር ነው።

ልጅቷ ፊቷ ትንሽ ነው። የመረጠችው ደግሞ ያ አሁን ፋሽን የሆነው ትልቅ አራት ማዕዘን ፍሬም። ባለሱቁ «በጣም ያምርብሻል» አላት። ከዚያ ሌንስ። «ተማሪ ናት፣ ስልክ ታያለች፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚከለክል ብሉ ከት ሌንስ ያስፈልጋታል» አለኝና አንድ ካርድና ትንሽ የሌዘር ባትሪ አወጣ። በተራ ሌንስ ሲያበራው ብርሃኑ ካርዱ ላይ ደረሰ፤ በብሉ ከቱ ሲያበራው አልደረሰም። እኔም አመንኩ። ለእሱ ብቻ 1,200 ብር ጨመርኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን እህቴ ፊት ላይ ማስመሪያ ያስጠጋ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን መለካት እንዳለበት መች አውቄ!

መነጽሩ በአራተኛው ቀን ደረሰ። አደረገችው፣ ጠርቶ ታያት፣ ደስ አለን። ማታ ራሷን አመማት። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን «ሰሌዳው ላይ ያለው መስመር አንዳንዴ ሁለት ይሆንብኛል» አለች። ስታወልቀው ሕመሙ ይለቃታል፣ ግን ያኔ ደግሞ ምንም አይታያትም። ፈተና የደረሰባት ልጅ ናት እኮ!

ተመልሰን ሄድን። «አብሽሪ እህቴ፣ ቁጥሩ ስለጨመረ ነው፣ ይለመዳል» አላት። ሌንሱን የቁጥር መለኪያ ማሽን ላይ አስቀምጦም አሳየኝ፣ ማይነስ 5 ይላል። ልክ ነው። እኔም አፍሬ ወጣሁ። ሳምንት ጠበቅን። አልተለመደም፣ ጭራሽ ባሰባት።

አዲስ ቁጥር በእርግጥ መላመጃ ጊዜ ይፈልጋል። ወለሉ የተጠጋ ወይ የራቀ ይመስላል፣ ደረጃ ስትወርዱ ግር ይላል። ግን ያ ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ነው የሚሄድ። ሳምንት አልፎት ራስ ምታቱ ካልቀነሰ፣ በተለይ ነገር ሁለት እየሆነ ከታየ፣ «ይለመዳል» መልስ አይደለም።

ያዳነን የዓይን ሕክምና የተማረ አንድ ጎረቤታችን ነው። መነጽሩን አገላብጦ አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ «ፒዲዋ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ፒዲ ማለት ከአንዱ ዓይን ብሌን መሐል እስከ ሌላው ብሌን መሐል ያለው ርቀት ነው። የአብዛኛው አዋቂ ሰው በ54 እና በ74 ሚሊ ሜትር መካከል ነው። እያንዳንዱ ሌንስ መሐል የሚባል ነጥብ አለው፤ ሁለቱ ነጥቦች ልክ ከሁለቱ ብሌኖች ፊት መቀመጥ አለባቸው። ከዚያ ከሸሹ ሌንሱ ብርሃኑን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ዓይን ደግሞ ነገሩን አንድ አድርጎ ለማየት ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ራስ ምታቱ ከዚያ ነው።

ልኬቱን እዚያው አሳየኝ። ፊት ለፊት ተቀመጥን። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ እህቴ ግራ ዓይኔን እንድታይ አደረግን፣ የማስመሪያውን ዜሮ በቀኝ ብሌኗ መሐል ላይ ያዝኩ። ማስመሪያውን ሳላንቀሳቅስ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ ቀኙን እንድታይ አደረግሁና በግራ ብሌኗ መሐል ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ። 58። ሦስቴ ደገምነው፣ 58። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ቀጥሎ ሌንሶቹን። መነጽሩን በእጄ ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአንደኛው ሌንስ በኩል የበሩን ጠርዝ አየሁ። ሌንሱ ውስጥ ያለው የበሩ መስመር ከሌንሱ በላይና በታች ካለው ጋር አይገጥምም፣ ተቆርጦ ወደ ጎን ሸሽቷል። መነጽሩን ቀስ እያልኩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሳንቀሳቅስ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ገጠመ። እዚያ ጋ በማርከር ነጥብ አደረግሁ። በሌላውም እንዲሁ። ከነጥብ ነጥብ ስለካው 68 መጣ። ልጅቷ 58፣ መነጽሩ 68! እያንዳንዱ ዓይን 5 ሚሊ ሜትር ስቷል። (ይህ ዘዴ እንደ እሷ ሲሊንደር ለሌለው ነው። ሲሊንደር ያለው ሌንስ መስመሩን ሊያዘም ስለሚችል ባለሙያ በማሽን ይየው።)

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሳተውን በሴንቲ ሜትር ታደርጉና በቁጥሩ ታባዛላችሁ። 0.5 ሲባዛ በ5፣ 2.5። ሌንሱ ብርሃኑን ወደ ጎን የሚጎትትበት መጠን የሚለካው ፕሪዝም በሚባል መለኪያ ነው። በሁለት ዓይን 5 ፕሪዝም ይሆናል፤ ያውም ዓይኖቿን ወደ ውጭ እንድትገፋ የሚያስገድድ፣ ለዓይን ከባድ የሆነው ዓይነት። ቁጥሩ ማይነስ 0.75 የሆነ ጓደኛዬ «እኔም እዚያው ነው ያሠራሁት፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ተከራክሮኛል። እውነቱን ነው። የእሱ ያንኑ ያህል ቢስትም ሁለቱ ዓይን ተደምሮ 0.75 ብቻ ነው፣ ላይሰማው ይችላል። ሰው በሰው አይለካም፣ ቁጥራችሁ ከፍ ባለ ቁጥር ስህተቱ ይበዛል።

አሁን በጣም ያናደደኝ ክፍል ይህ ነው። ስህተቱ ሌንሱ ሲቆረጥ አይደለም የጀመረው፣ ፍሬሙ ሲመረጥ ነው! የፍሬማችሁን ክንድ ውስጠኛውን ጎን እዩት። 54፣ ከዚያ ትንሽ ካሬ ምልክት፣ ከዚያ 18፣ ከዚያ 140 የሚል ነገር ተጽፎ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው የሌንሱ ወርድ ነው፣ ሁለተኛው አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ድልድይ፣ ሦስተኛው የክንዱ ርዝመት። የመጀመሪያ ሁለቱን ደምሩ። የእህቴ 54 እና 18፣ 72። የእሷ ፒዲ 58። ልዩነቱ 14 ነው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ሌንስ መሐል ከፍሬሙ ቀዳዳ መሐል 7 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ መግባት ነበረበት።

ግን ሌንስ ሳይቆረጥ በፊት ክብ ነው፣ የእሷ ዓይነቱ ደግሞ ስፋቱ 65 ሚሊ ሜትር ነበር። የፍሬሙ ቀዳዳ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 60 ገደማ ነው። ክቡን ወደ አፍንጫ 7 ብትገፉት በጆሮ በኩል ያለው ጥግ ባዶ ይቀራል። የሚቻለው 2 ያህል መግፋት ብቻ ነው። በቃ፣ እሱን ገፍተው ቆረጡት፣ 68 ላይ አረፈ። ቆራጩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ደውሎ «ይህ ፍሬም አይሆናትም፣ አነስ ያለ ትምረጥ» ማለት ነበረበት። ባለሱቁም «ያምርብሻል» ከማለቱ በፊት። ለዚያ ግን መጀመሪያ ፒዲዋን ማወቅ ነበረበት።

ስለ ብሉ ከቱም ጎረቤታችንን ጠየቅሁት። ያ ሌዘር የሚያበራው ሐምራዊ ነው፣ 405 ናኖ ሜትር አካባቢ። ከስልክ የሚወጣው ሰማያዊ ደግሞ 450 አካባቢ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ ያየሁት ስለ ስልክ የሚነግረኝ ነገር የለም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት 2023 ላይ ያወጣው ጥናት 17 ሙከራዎችን መርምሮ፣ ቢያንስ በአጭር ጊዜ፣ ብሉ ከት ኮምፒውተር ላይ የሚመጣን የዓይን ድካም ከተራ ሌንስ የተሻለ ላይቀንስ እንደሚችል ነው ያሳየው። እኔ 1,200 ብር የከፈልኩት ለዚያ ነው።

ገንዘቡን አንቲ ሪፍሌክሽን ለሚባለው ነጸብራቅ ለሚቀንስ ቅብ ባውለው ይሻለኝ ነበር። ያልተቀባ የፕላስቲክ ሌንስ ከሚመጣው ብርሃን 8 በመቶ ገደማ መልሶ ያንጸባርቃል፤ ጥሩ ቅብ ይህን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። ማታ የመኪና መብራት ለሚያስቸግረው ሰው ልዩነቱ ይታያል። መኖሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሌንሱን ከአምፖል ስር ያዙና የአምፖሉን ምስል እዩ። ነጭና ደማቅ ሆኖ ከታየ አልተቀባም። ደብዘዝ ብሎ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ተቀብቷል። ይህ ቅብ ሙቀት አይወድም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መነጽራችሁን አትተዉ፣ ይሰነጣጠቃል። አቧራውንም በሸሚዝ አትጥረጉት፣ መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት።

በመጨረሻ ሌላ መነጽር ቤት ሄድን። ሱቁ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው፣ መስታወቱም አያብረቀርቅም። እዚያ የምትሠራው ልጅ ማዘዣውን አየች፣ ፒዲ እንዳልተጻፈበት አስተዋለችና እኔ ሳልጠይቃት ማስመሪያ አወጣች። 58 አለች። ትልልቆቹን ፍሬሞች «ለቁጥርሽ አይሆኑም፣ ጠርዙም ወፍራም ይሆንብሻል» ብላ ወደ ጎን አደረገቻቸው። 46 እና 18 የሆነ ክብ ፍሬም ሰጠቻት። ድምሩ 64፣ መግፋት ያለበት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ። ፍሬሙን ፊቷ ላይ አስተካክላ አድርጋላት የብሌኗን ቦታ ሌንሱ ላይ በነጥብ አመለከተች። ብሉ ከት ስጠይቃት «አያስፈልግሽም» አለቻት ለእህቴ። ሲደርስ እኛው ፊት ማሽን ላይ አስቀምጣ ቁጥሩንም መሐሉንም አሳየችን፣ ማዘዣውንም መለሰችልን። ቤት ገብቼ በበሩ ጠርዝ ለካሁት። 58። ራስ ምታቱ በሁለተኛው ቀን ጠፋ።

የመጀመሪያው ባለሱቅ ጋ ነጥብ ያደረግሁበትን መነጽር ይዤ ተመልሼ ነበር። «ቁጥሩ ልክ ነው፣ አንመልስም» አለኝ። ቁጥሩማ ልክ ነው ወንድሜ፣ ቦታው ነው እንጂ!

አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ የማንበቢያና የሩቅ አንድ ላይ የሆነ መነጽር ታዞላታል። እሱ ደግሞ ፒዲው ብቻ ሳይሆን የማንበቢያው መስመር ከፍታም መለካት አለበት፣ ፍሬሙን ፊቷ ላይ አድርጋ። የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ድረስ እንዳትመላለስ፣ እዚያው ኮምቦልቻ ለክቶ የሚሠራ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።