ውለታዋ ያልተከፈላት ጥቁር አራት ማዕዘን

ሐኪሞች ስለ ታካሚ በሚወያዩበት በየሞርኒንግ ሴሽኑ ስላይድ ላይ ተለጥፋ የታካሚን ገመና የምትጠብቀው ጥቁር አራት ማዕዘን እስካሁን አንድም ሽልማት አለማግኘቷ ያሳዝናል። የሲቲ ስካኑ ምስል ከኮምፒውተሩ ላይ በስልክ ይነሳል፣ ፓወርፖይንት ላይ ይለጠፋል፣ ስምና የካርድ ቁጥር ያለበት ጥግ ላይ እሷ ጉብ ትላለች፤ አለቀ። ሥነ ምግባር እንዲህ ሲቀል ደስ ይላል!

ለጋስነቷ የሚታወቀው ግን ፋይሉ «አንብቡት» ተብሎ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ነው። ጠቅ አድርገው ሲጎትቷት እንደ መሶብ ክዳን ብድግ ትላለች፤ ከሥሯ ስም ከነአባት፣ የካርድ ቁጥር ከነቀኑ ይገኛል። በእሷ ፈንታ ጠርዙን ክሮፕ የሚያደርጉትም አይከፋቸው፦ ፓወርፖይንት ያስቀመጡበትን የማይጥል ታማኝ ነው፤ የተቆረጠውን ደብቆ ያቆይና Reset Picture & Size ሲሉት ይመልሰዋል።

ጊዜ የተረፋቸው አንዳንድ ሰዎች ግን ምስሉን ፓወርፖይንት ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት በፔይንት ይከፍቱታል። ስም ያለበትን ጠርዝ ቆርጠው፣ የማይቆረጠውን ቀለም ቀብተው አዲስ PNG ፋይል አድርገው ያስቀምጣሉ። ያን ጊዜ ቀለሙም ምስሉም አንድ ስለሆኑ የሚነሳ ክዳን የለም። ቀድሞ ገብቶ እዚያው የተቆረጠ ምስል ከሆነ Compress Pictures ውስጥ Delete cropped areas of pictures የሚለውን ይመርጣሉ። በመጨረሻም File > Info > Check for Issues > Inspect Document ገብተው፣ ከስላይዱ ሥር የተጻፈውን የተናጋሪ ማስታወሻና የፋይሉን ባለቤት ስም ያጠፋሉ። ይህ ምርመራ ደግሞ ምስል ላይ የታተመ ጽሑፍ ስለማያነብ እያንዳንዱን ስላይድ አጉልተው በዓይናቸው ያያሉ። ሥራ የላቸውም እንዴ?

ወደ ሕመሙ ታሪክ ስላይድ እንለፍ፤ እውነተኛው ጥበብ ያለው እዚያ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦ «ወ/ሮ ሐ. ተ.፣ የ43 ዓመት፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ብቸኛ ሴት ዳኛ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ 3 ዓመት የሆናቸው፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ፤ ለጥምቀት 9 ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው ጥር 13 ግራ እግራቸው ያበጠ፣ ጥር 16 ትንፋሽ አጥሯቸው የገቡ።» ስም የለም እኮ! ከወረዳው ሕዝብ በቀር ማን ያውቃቸዋል? እግረ መንገዱንም መበለቷ እንክብሉን ለምን እንደሚወስዱ አገር ይወያይበታል፤ የማኅበረሰብ ተሳትፎ ማለት ይኸው አይደል።

ሳንባ ውስጥ የገባ የደም መርጋትን ለማስተማር የሚያስፈልገው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፦ «በአርባዎቹ ዕድሜ የምትገኝ፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት፣ 9 ሰዓት በመኪና ከተጓዘች በ3ኛው ቀን ግራ እግሯ አበጠ፣ በ6ኛው ቀን ትንፋሽ አጠራት።» እንክብሉና ረጅሙ ጉዞ ለመርጋቱ ስለሚያጋልጡ እንዳሉ ተትተዋል። ዳኝነቱ፣ መበለትነቱ፣ በዓሉና የስሟ መነሻ ፊደላት ለምርመራው ስለማይፈይዱ ወጥተዋል። ቀኖቹ ከጉዞው ቀን ተነስተው ስለተቆጠሩ ሐኪሙ የሚፈልገው ልዩነት አልተነካም። ዕድሜን ማድበስበስ እዚህ አይጎዳም፤ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ግን በቀን መግለጽ ግድ ነው፤ የ2 ቀን ቢጫነትና የ20 ቀን ቢጫነት አንድ አይደሉምና።

አሜሪካኖች ሂፓ በሚሉት የታካሚ መረጃ ጥበቃ ሕጋቸው፣ ማንነትን ማጥፊያ ካሏቸው መንገዶች በአንዱ፣ 18 ዓይነት መለያዎችን ዘርዝረው እንዲወጡ ያዛሉ፤ ከዓመተ ምሕረቱ በቀር ቀን ሁሉ ይወጣል፣ ከ89 በላይ ዕድሜም «90 እና በላይ» ተብሎ ይጠቀለላል። የዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር ደግሞ ሰውን ለይቶ የሚያሳውቅ ማንኛውንም ሌላ ባሕርይ ይጨምራል። «ብቸኛ ሴት ዳኛ» የሚለው እዚያ ይወድቃል። እኛ ዘንድ «ስም የለውም» ማለት ከበቃ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

የፎቶው ነገርማ ባህላችን ሆኗል፦ ዓይን ላይ ጥቁር መስመር። አንገት ላይ ያለው ንቅሳት፣ ጠባሳው፣ የአንገት ሐብሉ እንዳለ ይታያል፤ ዓይኗን ብቻ ተመልክቶ የሚያውቃት ካለ እሱ ተሸውዷል። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ ዓይንን መሸፈን ማንነትን ለመጠበቅ አይበቃም ብሏል፤ ስለዚህ ቁስሉ እግር ላይ ከሆነ እግሩን ብቻ ማንሳት ይቀላል። ፊት ካስፈለገ ወይም ታሪኩ በመጽሔት ሊታተም ከሆነ ደግሞ ታካሚዋ ለኅትመት ብላ የፈረመችው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማንነቷ ሊታወቅ የሚችል ከሆነም ጽሑፉን ራሷ ልታየው ይገባል። ለቀዶ ሕክምና የፈረመችውን ወረቀት ማሳየትም፣ ምን ይባላል፣ ቁጠባ ነው።

ይህን ሁሉ ጨርሰው፣ ስላይዱን አጥርተው፣ ሲልኩት የፋይሉ ስም «ዳኛዋ_ካርድ_ቁጥር_የመጨረሻ2.pptx» ነው።