የሞቀ ቡድን

ድሬ ላይ የማይሞቅ ነገር የለም። ግድግዳው ይሞቃል፣ የባጃጁ ወንበር ይሞቃል፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ይሞቃል። ሰሞኑን ደግሞ ቡድን ሞቆብናል።

ነገሩ የተጀመረው ከዚራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በርጫ በምንቀመጥበት ቤት ነው። ስምንት ነን። አንድ የእንግሊዝ ቡድን አምስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ስሙን አልጠራም፤ ደጋፊዎቹ ቀፊራ ላይ ቢያገኙኝ አይምሩኝም። አምና ከ38 ጨዋታ 17ቱን ያሸነፈ፣ ክፉም ደግም የማይባል ቡድን ነው።

«አቦ፣ ይሄ ቡድን ሞቋል! ስድስተኛው ሹር ነው!» አለ ባጃጅ ነጂው ጓደኛችን። ኦዱ 1.50 ነው፤ ቡድኑ ካሸነፈ አንዱ ብር አንድ ብር ከሃምሳ ሆኖ ይመለሳል። 1000 ብር ሊቆርጥበት ስልኩን አውጥቷል።

ጥግ ላይ የተቀመጠው የምድር ባቡር ጡረተኛ ሳቀ። ዕድሜው የአባታችን ነው፤ ግን ድሬ ስለሆንን አንቱ የሚለው የለም። «አንተ ልጅ፣ አምስት ያሸነፈ ስድስተኛውን ይሸነፋል። ተራው ደርሷል» አለና ተጋጣሚው ያሸንፋል ብሎ በ6.00 ኦድ 200 ብር ቆረጠ።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ምርቃና ላይ ያለ የሒሳብ መምህር ደግሞ ዝም አይልም። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አልኩ። ቢያንስ እዚህ ላይ አንድ ሆኑ፤ እኔን ለመቃወም።

ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት አነጻጸረ። በጣም ረጃጅም ወላጆች የወለዷቸው ልጆች ረጃጅም ናቸው፤ ግን በአማካይ የወላጆቻቸውን ያህል አይደሉም። ወደ ሕዝቡ አማካይ ቁመት ጠጋ ይላሉ። ይህን ነው ወደ አማካይ መመለስ የሚሉት።

ኳስም እንደዚያው ነው። የአንድ ቡድን ውጤት ከችሎታና ከዕድል ይሠራል። ችሎታው በሚቀጥለው ቅዳሜም አብሮት ይመጣል። ኳሷ ቋሚ ነክታ የገባችበት፣ የተጋጣሚው በረኛ የተንሸራተተበት ዕድል ግን ቀጠሮ አይዝም። እኛ ደግሞ ይህን ቡድን ከሃያው መርጠን ያወራንለት አምስት በማሸነፉ ነው። አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ቡድን፣ ችሎታ ቢኖረውም እንኳ ዕድልም ሳያግዘው አልቀረም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው ውጤት ቀዝቀዝ ቢል ቡድኑ ተበላሸ ማለት አይደለም። ዕድሉ ወደ ልኩ ተመለሰ እንጂ።

ምርቃናን የሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። በ11 ሰዓት ሳቢያን ላይ ባለአራት ፎቅ ሠርቶ ያከራየ ሰው፣ ማታ 2 ሰዓት የባጃጅ ሒሳብ ይበደራል። ሰውዬው አልከሰረም። ወደ አማካዩ ተመለሰ።

ሌስተር ሲቲን አስታወስኳቸው። በ2014/15 ውድድር 41 ነጥብ ይዞ 14ኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በ81 ነጥብ ዋንጫ በላ፤ ዓለም ጉድ አለ። በሚቀጥለውስ? 44 ነጥብ፣ 12ኛ። በእርግጥ ካንቴ ወደ ቼልሲ ሄዷል፤ ሁሉንም በዕድል አላሳብብም። ግን 41፣ 81፣ 44 ብላችሁ ስትደረድሩት የትኛው ቁጥር እንግዳ እንደሆነ ይታያል።

«ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ይወርዳል አላልኩም?» ብሎ ጡረተኛው ጉልበቱን መታ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የረጃጅሞቹ ልጆች የአባታቸውን ዕዳ ለመክፈል ድንክ አልሆኑም። ወደ አማካዩ ተጠጉ እንጂ ከአማካዩ በታች አልወረዱም። ቡድኑም አምስት ስላሸነፈ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። ኳሷ ተራ አትቆጥርም። ስድስተኛው ላይ የሚጠበቀው የለመደው ዓይነት ውጤት ነው፤ ካለፉት አምስት ያነሰ፣ ጡረተኛው ከሚመኘው የተሻለ።

«በብር ንገረኝ» አለ ባጃጅ ነጂው።

እሺ። አምስቱን ድል ብቻ ከቆጠርክ ቡድኑ መቶ በመቶ አሸናፊ ነው። የአምናውን ጨምርበት፦ ከ43 ጨዋታ 22 ድል፤ 51 በመቶ ገደማ። ኦድ 1.50 ሳትከስር ሳታተርፍ እንኳ እንድትወጣ ቡድኑ ከሦስት ሁለቴ ማሸነፍ አለበት፤ 67 በመቶ ማለት ነው። ቡድኑ የሚያሸንፈው 51 በመቶ ከሆነ፣ እንዲህ ዓይነት ትኬት ደጋግመህ ብትቆርጥ ከየ1000 ብሩ በአማካይ 765 ብቻ ይመለስልሃል። ኦዱም የረከሰው አንተን የመሰለ ሰው ሁሉ አምስቱን ድል ስላየ ነው። የምታውቀውን ዜና ቤቲንግ ቤቱም ያውቀዋል፤ ዋጋው ውስጥ ከቶታል።

ጡረተኛውም አልዳነም። ለድሉ 1.50፣ ለአቻው 4.00፣ ለሽንፈቱ 6.00 ነው። አንድን ለየኦዱ አካፍላችሁ የሚወጣውን መቶኛ ደምሩ፦ 66.7፣ 25 እና 16.7 ገደማ። ከመቶ አልፎ 108 ገደማ ይሆናል። ትርፉ የቤቱ ነው። በየትኛውም በር ብትገባ ያ በሩ ላይ ይጠብቅሃል።

የኔ ሒሳብም ሸካራ ነው፤ አልዋሽም። የተጋጣሚውን ጉልበትና የሜዳውን ነገር አላስገባሁም። ቡድኑ በእውነት ከተለወጠ፣ ሁነኛ አጥቂ ካስፈረመ፣ የአምናው 38 ጨዋታ ሚዛኑ ይቀንሳል። ይህን ለመለየት ውጤቱን ትታችሁ የጎል ዕድሎቹን ቁጠሩ። የኛ ቡድን ከአምስቱ ሦስቱን 1 ለ 0 ነው ያሸነፈው፤ በሁለቱ ተጋጣሚው የበለጠ ጥሩ ዕድል አምክኗል። ይህ ሙቀት ሳይሆን የተጋጣሚ አጥቂ ስንፍና ነው።

ማንም አልሰማኝም። ስለዚህ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁ። «ስምንታችንም ዘውድ ወይስ ጎፈር ብለን እንገምት፤ ሦስት ዙር» አልኩ። ስምንት ሰው ቢገምት፣ በአማካይ አንዱ ሦስቱንም ያገኛል፤ ያለምንም ችሎታ። ሁሉም እየሳቀ ገመተ። ሦስቱንም ያገኘው ኳስ የማያይ፣ ጥግ ላይ ስልኩን እያየ የሚቅም ልብስ ሰፊ ነው።

«አያችሁ?» አልኩ በድል አድራጊነት። «እንግዲህ ይህ ሰው አዋቂ ነው?»

ባጃጅ ነጂው ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። «ወላሂ፣ ስድስተኛው ጨዋታ ምን ይሆናል?»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። «የማንና የማን?»

ነገሩት። ትንሽ አሰበና «እኩል ቢወጡ ምን አለበት» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ማታ 1 ለ 1 አለቀ። የባጃጅ ነጂው 1000 ተበላ፣ የጡረተኛው 200 ተበላ። ለሁለቱም የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ሆኖ ማንም አላመሰገነኝም።

በቀጣዩ ቅዳሜ አርፍጄ ገባሁ። የኔ ቦታ ተይዟል። ልብስ ሰፊው መሃል ላይ፣ ሁለት ትራስ ተደርጎለት ተቀምጧል። የማላውቃቸው አራት ሰዎች ከጎረቤት መጥተው ከበውታል። ጡረተኛው ኮካ እየቀዳለት «ይሄ ሰው አራት በአራት ነው፤ ሞቋል» ይላቸዋል። እኔን ሲያይ ጠጋ አለልኝና በሹክሹክታ «ቶሎ ጠይቀው፤ ሳይቀዘቅዝ» አለኝ።

የጠየቅኩት ለሳይንስ ነው። 50 ብር ብቻ ነው የቆረጥኩት።