ውክልናውን ላንብበው ባልኩ ለምን ጠላት እሆናለሁ?

ኧረ በናታችሁ፣ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ ካርታው በእናቴ ስም የሆነ ቤት አለ። ይሸጥ ተባለ። ገዢ ያገኘው አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድማችን ነው፤ ስለዚህ ውክልናው ለእሱ ይሁን ተባለ። ረቂቁን አስጽፎ በቴሌግራም ላከው። "እማዬ ትፈርምና ያልቃል" አለ። እኔ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟን የማታምን ተብያለሁ።

ምን ይላል መሰላችሁ? "በስሜ የሚገኘውን ማንኛውንም ንብረት እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ።" አንድ ቤት ለመሸጥ ስጦታ ምን አገባው? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተጻፈ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፣ አንቀጽ 2205። እሺ፣ ልዩ ሥልጣን ይሰጠው። ግን ለዚያ ቤት ብቻ! የካርታው ቁጥር፣ ቀበሌው፣ የቦታው ስፋት ይጻፍ።

ደግሞ "የእርሻ መሬቴንም" ብሎ ጨምሮበታል። ጋሼ፣ የገጠር መሬት አይሸጥም እኮ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አለ። ከተማም ቢሆን የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ ቦታው ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል እንጂ።

እኔን ያነደደኝ ግን ከታች ያለችው መስመር ናት፤ "ሌላ ሰው እንዲወክል።" ወንድሜ ለሽያጩ አይመጣም። ኤምባሲ ሄዶ ለሌላ ሰው ውክልና ይሰጣል፣ ወረቀቱ እዚህ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውል ላይ የሚፈርመው ያ ሰው ነው። ማን? "ጓደኛዬ ነው፣ ታማኝ ነው።" እናቴ አታውቀውም፣ እኔም አላውቀውም። ይህ ቃል ባይኖር ወኪሉ ሥራውን በራሱ መፈጸም ነበረበት። ስለዚህ አልሰረዝኩትም፣ አጠበብኩት፤ የሚወከለው ሰው ሙሉ ስሙ ይጻፍ፣ እሱም ሌላ እንዳይወክል ይባል።

"የሽያጩን ገንዘብ እንዲቀበል" የሚለውንም "ገንዘቡ በወካይዋ የባንክ ሒሳብ ገቢ ይሁን" ብዬ ቀየርኩት፤ ዝቅተኛ ዋጋም አስገባሁ። እዚህ ላይ ነው ስልኩ የተዘጋብኝ።

አጎቴ ደግሞ "ካልተስማማችሁ በኋላ ትሽረዋለች" ይላል። መሻርማ ትችላለች። ግን ሽረቱን እስክታስመዘግብና ለወኪሉ እስክታሳውቅ ድረስ ዋናው ወረቀት ሰው እጅ ነው። ቤቱ በመሃል ከተሸጠ ገዢው "እኔ መሻሩን በምን አውቄ?" ብሎ ይከራከራል፤ እኛ ፍርድ ቤት እንመላለሳለን።

እናቴ የተስተካከለውን አስነብባ ሰማችና "ይኸኛውን እፈርማለሁ" አለች። ጋሼ አሁንም ስልክ አያነሳም። ቤተሰቡም እሱን ለማባበል እኔን ይቅርታ ጠይቂ እያለኝ ነው። አልጠይቅም!